ብሎኑ ኪስህ ውስጥ ምን ይሠራል? (ለራምፕ ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)

ጤና ይስጥልኝ! እንደምን አደራችሁ? ከሌሊት ሺፍት የወጣችሁ ደግሞ እንደምን ዋላችሁ ብላችሁ ይሻላል መሰለኝ፤ ለእናንተ ቀኑ አልቋል። እዚያ በር ላይ የቆማችሁ፣ ፊት ለፊት ወንበር አለ። ኑ፣ አትፈሩ፣ ጥያቄ አልጠይቅም። ማለቴ፣ አንድ ብቻ ነው የምጠይቀው።

እሱንም አሁን ልጠይቅ። ሁላችሁም እጃችሁን ኪሳችሁ ውስጥ ክተቱና ያለውን አውጡ። የሰደርያውንም ኪስ ጨምሩ።

እሺ፣ ምን አለን? እስክሪብቶ፣ የሎከር ቁልፍ፣ ሳንቲም፣ ማስቲካ፣ የቁርስ ሶፍት... አንተ ወንድሜ፣ ያ ብሎን ከየት መጣ? ስታንድ ላይ፣ አውሮፕላኑ ከሚቆምበት ቦታ አግኝተህ አነሳኸው? ጎሽ! አያችሁ፣ ይሄ ልጅ ጎንበስ ብሎ አንስቷል፤ ብዙ ሰው ረግጦት ያልፍ ነበር። ግን ብሎኑ ኪስህ ውስጥ ምን ይሠራል? አሁን ከሻንጣ ጋሪው ሥር ጎንበስ ስትል ተንሸራቶ ይወድቃል፤ ያውም ካነሳኸው ቦታ ለሞተር የቀረበ ቦታ ላይ። ኪስ የፎድ ባልዲ አይደለም። ፎድ የምንለው አውሮፕላን ሊጎዳ የሚችል ባዕድ ነገርን ሁሉ ነው። ያነሳችሁትን እዚያው ባልዲው ውስጥ ጣሉት።

የተሰጠኝ ጊዜ አጭር ነው። ሦስት ነገር ነው የምናገረው። አንደኛ፣ ሞተር መሬት ላይ የወደቀን ነገር እንዴት እንደሚያነሳ። ሁለተኛ፣ ማኮብኮቢያ ላይ የወደቀ አንድ ቁራጭ ብረት ምን እንዳደረገ፤ ይሄ በታሪክ የተመዘገበ ነው። ሦስተኛ፣ የምናነሳው ነገር ከየት እንደሚመጣና እንዴት እንደምንፈልገው። ሦስተኛው ላይ ቆየት እላለሁ፤ ምክንያቱም እሱ የእኛ ሥራ ነው።

አንደኛው። ብዙ ሰው ሞተር ከፊቱ ያለውን አየር ብቻ የሚስብ ይመስለዋል። ስለዚህ «መሬት ላይ የተኛ ጠጠር ምን አገናኘው?» ይላል። እስቲ ዝናብ በዘነበ ማግስት የቆመ 737 ሞተር ሲነሳ ራቅ ብላችሁ ተመልከቱ። ከሞተሩ አፍ ሥር፣ እርጥቡ ኮንክሪት ላይ፣ አንድ ቀጭን የውሃ ጭራ እየተሽከረከረ ወደ ላይ ሲወጣ ታያላችሁ። ያያችሁ አላችሁ? አዎ፣ ብዙዎቻችሁ አይታችኋል። እሱ አዙሪት ነው። ሞተሩ አየር ከፊት፣ ከጎን፣ ከላይ ይስባል፤ ከታች ግን መሬቱ ይከለክለዋል። ያኔ ከመሬቱ ጋር የተያያዘ አዙሪት ይፈጠራል። ደረቅ ቀን ላይ አዙሪቱ የለም ማለት አይደለም፤ አለ፣ ግን አይታይም። ውሃው አሳየን እንጂ ውሃው አላመጣውም።

ይሄ አዙሪት ጠጠር ያነሳል። ብሎን ያነሳል። የሻንጣ ቁልፍ ያነሳል። በተለይ 737 ላይ የሞተሩ የታችኛው ከንፈር ከመሬት ግማሽ ሜትር እንኳ አይሞላም። ቆማችሁ ስታዩት ከጉልበታችሁ በታች ነው። ትልቁ 777 ከፍ ያለ ይመስላል፤ ግን የሞተሩ አፍ በጣም ሰፊ ነው፣ የሚስበውም አየር በዚያው ልክ ነው። ስለዚህ «ይሄኛው ከፍ ያለ ነው» ብላችሁ አትዘናጉ።

አዙሪቱ የሚበረታው መቼ ነው? አውሮፕላኑ ቆሞ ወይም በዝግታ እየሄደ፣ ሞተሩ ግን ጉልበት ሲሰጠው ነው። ፍጥነት ሲይዝ አዙሪቱ ይበጠሳል። እስቲ አስቡት። አውሮፕላን ቆሞ ሞተሩ ጉልበት የሚያገኘው የት ነው? ከስታንድ ለመንቀሳቀስ ሲነሳ፣ ታክሲዌይ ላይ ሲታጠፍ፣ ማኮብኮቢያው ጫፍ ላይ ለመነሳት ሲዘጋጅ። ከሦስቱ የመጀመሪያው የእኛ ሰፈር ነው። አሁን ቆመን የምንሠራበት ቦታ ነው።

በነገራችን ላይ ከኋላ የሚወጣውንም አትርሱ። ከፊት የሚስበው ሞተር ከኋላው ይወረውራል። ከእናንተ ስታንድ የተነሳ ቁራጭ ፕላስቲክ ወይም ጠጠር ጎረቤት ስታንድ ላይ የቆመ አውሮፕላን ሥር ሄዶ ያርፋል። «የኛ ስታንድ ንጹሕ ነው» የሚባል ነገር የለም፤ ነገሩ እግር አለው።

እሺ፣ ገባ እንበል። ከዚያስ? «ትንሽ ብሎን ያን የሚያህል ሞተር ምን ታደርገዋለች?» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። አንድ ነገር ልንገራችሁ።

ራምፕ ላይ በነበርኩበት ጊዜ፣ አገሩንም ጣቢያውንም አልጠራም፣ አንድ ማታ 737 ልንሸኝ ተዘጋጅተናል። ሻንጣው ገብቷል፣ ተሳፋሪው ተቀምጧል። አንድ ቴክኒሺያን፣ ዕድሜው ገፋ ያለ፣ ዝምተኛ ሰውዬ፣ በእጅ ባትሪ የግራውን ሞተር ፋን እየዞረ ያያል። አንዱ ብሌድ ላይ ቆመ። ከኪሱ ትንሽ ጥጥ አወጣና የብሌዱን የፊት ጠርዝ ከላይ ወደ ታች ጠረግ አደረገው። ጥጡ አንድ ቦታ ላይ ያዘ። ነጭ ክር ተሰቅሎ ቀረ። ሰውዬው ክሩን በባትሪው አበራበትና ጠራኝ፦ «ና ጣትህን አሳርፍበት»። አሳረፍኩ። የስንዴ ቅንጣት እንኳ የማታህል ስብራት። ዓይን ብቻ ቢሆን አልፏት ይሄድ ነበር፤ ጥፍሬ ግን ያዛት።

ከዚያ በረራው ተያዘ። ተሳፋሪ ወረደ። በጣም የተናደዱ ሰዎች ነበሩ፤ አንዲት እናት የልጇ ሰርግ ነበረባት። ቴክኒሺያኖቹ ቀጭን ካሜራ ወደ ሞተሩ ሆድ አስገብተው ሲያዩ፣ ውስጥ ያሉት ትናንሾቹ የመጭመቂያ ብሌዶች ጫፋቸው ተጣሞ ተገኘ። የገባው ነገር ፋኑን ነክቶ አላበቃም፤ ወደ ውስጥ ዘልቋል። ሞተሩ ከክንፉ ወረደ። በማግስቱ ስታንዱን ስንጠርግ፣ የሻንጣ ጋሪ ከሚቆምበት አጠገብ ባለ የኮንክሪት መጋጠሚያ ውስጥ፣ የተሰበረ የሻንጣ ጎማ አገኘን። ጎማው አለ፤ መሃሉ ላይ ያለችው የብረት ዘንግ የለችም። የት እንደገባች ማንም አልጠየቀም።

ያቺ ስብራት ለምን ይሄን ያህል ታስፈራለች? የ737 ፋን ለመነሳት ጉልበት ሲሰጠው በደቂቃ 5,000 ዙር ገደማ ይዞራል። ውስጠኛው ክፍል ደግሞ ከ14,000 ያልፋል። በዚያ ፍጥነት እያንዳንዱ ብሌድ ከሥሩ ተነቅሎ ለመውጣት በኃይል ይሳባል። ጤነኛ ብሌድ ይችለዋል፤ ለዚያ ነው የተሠራው። ግን የፌስታል ጫፍ በጥርሳችሁ ነከስ አድርጋችሁ ስትስቡት ምን ይሆናል? ያልተነከሰው ጋ ጎትታችሁ የማትቀዱት ፌስታል ከተነከሰበት ቦታ ላይ ሽው ብሎ ይሄዳል። ብሌዱም እንዲሁ ነው። ስብራቷ ዛሬ ምንም አታደርግም ይሆናል። ነገም። ግን በየበረራው ስንጥቅ ከእሷ ይጀምርና ያድጋል፤ አንድ ቀን ይለቃል።

እዚህ ላይ ሚዛን እንጠብቅ። ተጎድቷል የተባለ ብሌድ ሁሉ ሞተር ያስወርዳል ማለት አይደለም። ትንሽ ጉዳት ከሆነ፣ ቦታውም የሚፈቀድበት ከሆነ፣ ቴክኒሺያኑ በመመሪያው መሠረት ሞርዶ ያለሰልሰዋል፤ አውሮፕላኑ ይበራል። የሚፈቀደውንና የማይፈቀደውን የሚያውቀው ግን እሱ ነው። የእኛ ድርሻ እንዲያይ መንገር ነው። አንድ ነገር ወደ ሞተር ሲገባ ካያችሁ፣ ወይም የገባ ከመሰላችሁ፣ «መስሎኝ ይሆናል» ብላችሁ አትዋጡት። ሄድሴት ላይ ላለው ልጅ ንገሩ፣ እሱ ለካፒቴኑ ይነግራል። አውሮፕላኑ ታክሲዌይ ላይ ደርሶ እንኳ ከሆነ በሬዲዮ ይመለሳል። ተመልሶ ምንም ያልተገኘበት አውሮፕላን በእናንተ ላይ ዕዳ አይሆንም።

ሁለተኛው ነገር። ማኮብኮቢያው።

ኮንኮርድን ታውቃላችሁ? ወጣቶቹ በፎቶ ነው የምታውቁት። ከድምፅ የፈጠነ፣ አፍንጫው ሹል፣ ሀብታም የሚሳፈርበት። ሐምሌ 18 ቀን 1992 ዓ.ም. ከፓሪስ ሻርል ደጎል ወደ ኒውዮርክ ሊነሳ ተንደረደረ። ከእሱ አምስት ደቂቃ ገደማ በፊት፣ በዚያው ማኮብኮቢያ፣ አንድ ዲሲ-10 ተነስቶ ሄዷል። ያ ዲሲ-10 ከሞተሩ መሸፈኛ አንዲት ብረት ጥሎ ሄደ። ስንት ትሆናለች? ርዝመቷ 43 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ከክርናችሁ እስከ ጣታችሁ ጫፍ ማለት ነው። ስፋቷ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል። ውፍረቷ አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል እንኳ አይሞላም። ስስ ናት። ግን ቲታኒየም ናት፣ ጠንካራ ናት።

የኮንኮርዱ ጎማ ረገጣት። ጎማው ተቀደደ። ከተቀደደው ውስጥ አራት ኪሎ ተኩል የሚሆን የጎማ ቁራጭ ተፈናጥሮ የክንፉን ሆድ መታ። ክንፉ ውስጥ ያለው የነዳጅ ታንክ ሙሉ ነበር። ልብ በሉ፣ የጎማው ቁራጭ ታንኩን በስቶ አልገባም። የምቱ ኃይል በነዳጁ ውስጥ ተላልፎ ታንኩን ከውስጥ ወደ ውጭ ገፍቶ አፈነዳው። ነዳጅ እንደ ጎርፍ ወረደ፣ ተቀጣጠለ። ካፒቴኑ መቆም አልቻለም፤ መቆም ከሚቻልበት ፍጥነት አልፏል። ተነሳ፣ ሁለት ደቂቃ እንኳ ሳይበር ጎኔስ በምትባል ከተማ አንድ ሆቴል ላይ ወደቀ። የተሳፈሩት 109 ሰዎች በሙሉ ሞቱ። መሬት ላይ ደግሞ 4 ሰዎች።

ብረቷ ዲሲ-10ሩ ላይ የተገጠመችው ከሁለት ሳምንት ገደማ በፊት በጥገና ነው። መርማሪዎቹ ሲያዩ አምራቹ ባዘዘው መንገድ አልተሠራችም፣ እንደታዘዘውም አልተገጠመችም። ይሄ የጥገናዎች ትምህርት ነው፤ ለእነሱ እተወዋለሁ። ለእኛ የሚሆነው ሌላ ነው። የዚያን ቀን ማኮብኮቢያው ጠዋት በማለዳ ተፈትሿል። ከሰዓት በኋላ መደረግ የነበረበት ፍተሻ ግን፣ የእሳት አደጋ መኪናዎች ልምምድ ስለነበራቸው፣ ዘገየ። እንግዲህ «ፍተሻው በሰዓቱ ቢደረግ ኖሮ» የሚል ሰው ይኖራል። እኔ እንዲህ አልልም። ምክንያቱም ብረቷ የወደቀችው አምስት ደቂቃ ሲቀረው ነው። በሰዓቱ ቢፈተሽም ታመልጥ ነበር።

ዓለም አቀፉ ሕግ ለትልልቅ ማኮብኮቢያዎች በቀን ቢያንስ ሁለት ፍተሻ ያዛል። በሁለቱ ፍተሻ መካከል ስንት አውሮፕላን ይነሳል? እዚህ ቦሌ በማታው ጥድፊያ ብቻ ቁጠሩት። ስለዚህ ፍተሻ የወደቀን ነገር ያነሳል እንጂ እንዳይወድቅ አያደርግም። እንዳይወድቅ የሚደረገው ከመነሻው ነው፤ አውሮፕላኑ ስታንድ ላይ እያለ። የጭነት በሩ እጀታ በትክክል ገብቷል ወይ? የነዳጅ መክደኛው ተዘግቷል? የተንጠለጠለ፣ የላላ፣ ክፍት የቀረ ሽፋን አለ? ስትዞሩ ዓይናችሁን ወደ ላይም አንሱ። ፎድ መሬት ላይ ብቻ አይደለም፤ ገና ያልወደቀም ፎድ አለ።

አንድ ነገር ስለ ቦሌ ልጨምር፤ ብዙ ሰው አያስበውም። እኛ ያለነው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ስስ ነው። ስስ አየር ላይ አውሮፕላን ለመነሳት መሬት ላይ የበለጠ መፍጠን አለበት። ባሕር ዳርቻ ባለ ከተማ በሰዓት 280 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲደርስ የሚነሳ አውሮፕላን፣ እዚህ 320 አካባቢ መድረስ አለበት። ማኮብኮቢያውንም ረዘም አድርጎ ይጠቀማል። ምን ማለት ነው? ጎማው በበለጠ ፍጥነት ይሽከረከራል፣ ረዘም ላለ ጊዜ ይግላል፣ በተሳለ ነገር ላይ የማለፍ ዕድሉም ይጨምራል። ጅቡቲ ላይ በደህና የሚያልፍ ጎማ እዚህ ያልፋል ብዬ አልፈርምም።

ሦስተኛው። ወደ ሰፈራችን እንምጣ።

ነገሩ ከየት ነው የሚመጣው? የሰበሰባችሁትን ባልዲ ገልብጬ አይቻለሁ፤ ያየሁትን ልንገራችሁ። ትልቁ ድርሻ የሻንጣ ነው። የሻንጣ ጎማ፣ የዚፕ መጎተቻ፣ ትናንሽ ቁልፎች፣ የተቆረጠ ማሰሪያ። ከባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚመጣውን በረራ ታውቁታላችሁ፤ ሰው ለዘመድ የሚያመጣውን ሁሉ አጭቆ፣ በፕላስቲክ ጠቅልሎ፣ በገመድ አስሮ፣ በስኮች ደግሞ ይለብጠዋል። ሻንጣው ቤልት ሎደር ላይ ሲወርድ ፕላስቲኩ ይላጣል። አንድ ክንድ የሚሆን ፕላስቲክ ነፋስ ይዞት ሲሄድ አይታችሁ «ሂድ ወዲያ» ያላችሁት ስንቴ ነው? እንዳይበር ሲላጥ ያዙት። ከበረረ በኋላ መሯሯጥ ከባድ ነው፤ አንዳንዴም አደገኛ ነው፣ እመለስበታለሁ።

የጭነቱ ደግሞ የራሱ አለው። አበባ ስንጭን ካርቶኑ የሚታሰርበት ጠፍጣፋው የፕላስቲክ ቀበቶ አለ አይደል? ሲቆረጥ ተወርውሮ ይሄዳል። የጭነት መረብ መንጠቆ፣ ከእንጨት መደብ የተነቀለ ሚስማር፣ የተሰበረ እንጨት። እነዚህ ሁሉ ከጭነት በሩ ሥር ናቸው፤ የጭነት በሩ ደግሞ ከሞተሩ ምን ያህል ነው የሚርቀው? እርምጃ ቁጠሩ።

ከዚያ የመኪኖቻችን ጎማ። በተለይ አሁን ክረምቱ ሲገባ። ትራክተሩ አስፋልት ባልሆነ መንገድ፣ ግንባታ ባለበት በኩል ያልፋል። በጎማው ጥርስ መካከል ጠጠር ይነክሳል። ስታንድ ላይ መጥቶ ሲታጠፍ ጠጠሩን ይተፋል፤ ያውም ሲታጠፍ ነው፣ ያውም ከሞተር አጠገብ ነው የሚታጠፈው። ሾፌሮች፣ ስሙኝ! ወደ ስታንድ ከመግባታችሁ በፊት ወርዳችሁ ጎማውን እዩ። ጠጠር ካለ በመፍቻ ጫፍ አውጡት። አንድ ደቂቃ ነው።

የቀረው የእኛው ነው። እስክሪብቶ፣ የጆሮ መድፈኛ፣ የውሃ ክዳን፣ በላስቲክ የመጣ ቁርስ። ስለ ምግቡ አንድ ነገር። የተጣለ እንጀራና ዳቦ ወፍ ይጠራል። ቦሌ ላይ ጭላቱ ከላይ ሲዞር የምታዩት ለመዝናናት አይደለም። ወፍ ሞተርን ምን እንደሚያደርግ ደግሞ እኛ አገር ሌላ ምሳሌ አያሻንም። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር የተነሳ 737 የርግብ መንጋ ሁለቱም ሞተሮቹ ውስጥ ገባበት። ካፒቴኑ ለመመለስ ሞከረ፣ ሁለቱም ሞተሮች ጠፉ፣ ሜዳ ላይ በሆዱ አረፈ። ከ104 ሰው 35 ሞቱ። እነዚያን ርግቦች ማንም ምግብ ጥሎ ጠራቸው አላልኩም። ግን እኛ እንጥራቸው ወይ?

አሁን ፍለጋው። አውሮፕላኑ ሊደርስ ሲል ስታንዱ ላይ ሰልፍ ይዛችሁ ትሄዳላችሁ። ሲነሳም ከፑሽባክ በፊት፣ ወደ ኋላ ተገፍቶ ከመውጣቱ በፊት፣ ድጋሚ። ታውቁታላችሁ። ግን አንዳንዶቻችሁ እንዴት እንደምትሄዱ አይቻለሁ! ሁለት ሁለት ሆናችሁ፣ ስለ ትናንቱ ጨዋታ እያወራችሁ፣ እጅ ኪስ ውስጥ። ያ ፍለጋ አይደለም፤ ሽርሽር ነው።

ጎን ለጎን ሁኑ፣ በመካከላችሁ ክንድ የሚያህል ርቀት ይኑር። እያንዳንዱ ሰው የራሱን መስመር ያያል፣ የጓደኛውን አይደለም። ቀስ በሉ። ጠፍጣፋው ቦታ ላይ ያለ ነገር በቀላሉ ይታያል፤ የሚደበቀው የኮንክሪት መጋጠሚያ ውስጥ፣ የውሃ መውረጃ አፍ ላይ፣ የነዳጅ ጉድጓድ ክዳን ዙሪያ ነው። እነዚህ ላይ ቁሙ። ማታ ከሆነ ባትሪውን ከላይ ወደ ታች አታብሩ። ዝቅ አድርጋችሁ፣ ከመሬቱ ጋር አጋድማችሁ አብሩ። እንዲያ ሲሆን ትንሿ ብሎን ረጅም ጥላ ትጥላለች፤ ብሎኗን ባታዩ ጥላዋን ታያላችሁ። ዛሬ ማታ ሞክሩትና ልዩነቱን ነገ ትነግሩኛላችሁ።

የምታነሱትን ነገር እዩት ደግሞ። ዝም ብላችሁ ባልዲ ውስጥ አትወርውሩት። ብሎኑ አዲስ ነው ወይስ የዛገ? ዝገት ካለው ምናልባት የጋሪ ነው፣ ቆይቷል። የሚያብረቀርቅ፣ ቁጥር የተጻፈበት፣ ከጭንቅላቱ ላይ ቀጭን ሽቦ ያለበት ከሆነ ግን ቁም! ያ የአውሮፕላን አካል ሊሆን ይችላል። ከየት እንደወደቀ እስኪታወቅ አውሮፕላኑ አይሄድም። ወዲያው ለቴክኒሺያን ስጡት፤ ያገኛችሁበትን ቦታም በጣታችሁ አሳዩት።

የጠፋ መሣሪያም እንደዚያው ነው። ቢላዋ፣ መቁረጫ፣ ባትሪ ይዛችሁ ገብታችሁ ስትወጡ ከጎደለ፣ «ቤት ረስቼው ይሆናል» አይባልም። በረራውን ያዙት። አለቃህ ይቆጣል? ይቆጣ። ሲቆጣ እኔ ጋ ላከው።

ቅድም እመለስበታለሁ ያልኩት ይሄ ነው። ሞተር እየሠራ ከሆነ፣ ወይም ቀዩ ብልጭታ መብራት ካልጠፋ፣ ምንም ነገር ልታነሱ አትሂዱ። ምንም! ኮፍያህ በረረ? ይብረር። ባጅህ ወደቀ? ይቅር። 737 ሞተሩ ዝም ብሎ እየዞረ እያለ እንኳ ከፊቱ ሦስት ሜትር ገደማ ሰው የሚስብ ቦታ ነው፤ ጉልበት ሲሰጠው ይሰፋል። ጆሮ መከላከያ ስላደረጋችሁ የትኛው ሞተር እንደሚሠራ በድምፅ አትለዩም። አሜሪካ፣ አላባማ፣ ሞንትጎመሪ ላይ ታኅሣሥ 22 ቀን 2015 ዓ.ም. አንድ አውሮፕላን ስታንድ ገብቶ ቆመ። መሬት ላይ ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ትንሹ ሞተር ስለተበላሸ አንዱን ዋና ሞተር እንደበራ አቆየው። የራምፕ ሠራተኛ ተሳበና ሞተ። አውሮፕላኑ ከመድረሱ በፊት ስለዚሁ ሞተር ተሰብስበው ተነጋግረው ነበር። ስለዚህ አውሮፕላን ቆመ ማለት ሞተሩ ቆመ ማለት አይደለም፤ መብራቱን እዩ፣ ከዚያ ታኮ ያዙ።

እኔ ጨርሻለሁ። ጥያቄ ካለ አንድ ሁለት እቀበላለሁ፤ ሻዩም መጥቷል።

እሺ፣ እዚያ ጋ ያለሽው እህቴ... ጥያቄዋን ሁላችሁም ካልሰማችሁ እንዲህ ነው፦ «ታክሲዌይ ላይ ወይም ማኮብኮቢያው ላይ ነገር ካየን እኛ መግባት አንችልም፤ ታዲያ ምን እናድርግ?»

ጥሩ ጥያቄ ነው። በፍጹም አትግቢ፤ ለአንድ ብረት ብለሽ ሌላ አደጋ አትሁኚ። ግን ዓይንሽን ከእሱ አትንቀይ። ቦታውን በሚታይ ነገር ለይው፤ የታክሲዌይ ምልክት ሰሌዳ፣ የመብራት ቁጥር፣ የስታንድ ቁጥር። «እዚያ ጋ» አይበቃም። ለሱፐርቫይዘርሽ በሬዲዮ ንገሪ፤ ምን እንደሆነ ባታውቂ «ምን እንደሆነ አላወቅኩም፣ የክንድ ያህል ይረዝማል፣ ያብረቀርቃል» በይ። እሱ ለታወር ይነግራል፣ ታወሩ መንገዱን ይዘጋል፣ የፍተሻ መኪና ይገባል። ሱፐርቫይዘርሽ ካልመለሰ ደግሞ አጠገብሽ ያለውን ሬዲዮ የያዘ ማንንም ጥሪ፤ የፑሽባክ ሾፌሩ ቢሆን፣ የነዳጁ ልጅ ቢሆን። መኪናው ገብቶ የተጣለ ላስቲክ ብቻ ሆኖ ከተገኘም፣ ነገ ሌላ ነገር ስታዪ ድጋሚ ትደውያለሽ።